ለሰባት ወረዳ ሰባት ቀለም? ስለ ዓመታዊ ሪፖርት ቻርቶች የተሰጠ ምላሽ

ምላሽ የምንሰጥበት ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

> «የኅብረት ሥራ ማኅበር ዓመታዊ ሪፖርት በቻርት ሲያምር አንባቢ ያገኛል። አንደኛ፣ የወረዳዎችን ድርሻ በፓይ ቻርት አሳዩ፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው፣ በ3ዲ ሲሆን ደግሞ ያምራል። ሁለተኛ፣ የዓመታት ዕድገት ጎልቶ እንዲታይ ዘንጉን ከዝቅተኛው ቁጥር አጠገብ ጀምሩ። ሦስተኛ፣ ዕቅዱን ላሳካ ወረዳ አረንጓዴ፣ ለተጠጋ ቢጫ፣ ለራቀ ቀይ ስጡ፤ ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ነው። አራተኛ፣ ለታማኝነት ሲባል ቁጥሩን ከነሳንቲሙ ጻፉ፣ የቀለሞቹን መግለጫ በስተቀኝ አስቀምጡ። አምስተኛ፣ ርዕሱ አጭርና ገለልተኛ ይሁን፤ ትርጉሙን አንባቢው ያውጣው። ስድስተኛ፣ ከሦስት ላነሱ ቁጥሮች ቻርት አትሥሩ።»

ስድስተኛው ላይ ክርክር የለንም። «ቁጠባው ከ101 ወደ 110 ሚሊዮን ብር አደገ» ለማለት ገጽ የሚሞላ ሥዕል አያስፈልግም። የቀሩት አምስቱ ግን ሪፖርት አዘጋጆችን ያሳስታሉ። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ማሳያ እንያዝ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ጎንደር ከተማ የሆነ፣ በሰባት ወረዳዎች የሚሠራ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ዩኒየን የ2016 በጀት ዓመት ሪፖርቱን እያዘጋጀ ነው እንበል። የወረዳዎቹ ስም እውነተኛ ነው፤ ዩኒየኑና ቁጥሮቹ ግን ለማሳያ እኛው ያስቀመጥናቸው ናቸው።

| ወረዳ | ዕቅድ (ሚሊዮን ብር) | ክንውን (ሚሊዮን ብር) |
|---|---|---|
| ጎንደር ዙሪያ | 24.0 | 24.6 |
| ምስራቅ ደምቢያ | 25.0 | 22.1 |
| ወገራ | 20.0 | 19.8 |
| ጭልጋ | 13.0 | 14.3 |
| ዳባት | 15.0 | 13.5 |
| ላይ አርማጭሆ | 8.0 | 9.2 |
| ምዕራብ በለሳ | 10.0 | 6.5 |
| ድምር | 115.0 | 110.0 |

እንዲህ ያለ ሪፖርት የሚያልፍበትን መንገድ ማሰብ ያስፈልጋል። ቻርቱ ኮምፒውተር ላይ በቀለም ይሠራል። ለቦርዱ ጥቂት ቅጂ በቀለም ይታተማል። ለጠቅላላ ጉባኤው የሚታደለው ግን ፎቶ ኮፒ ቤት በጥቁርና ነጭ የተባዛው ነው፤ አባሉም የሚያየው ሪፖርቱ ከመድረክ እየተነበበ፣ ገጹ ሊገለበጥ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ነው። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ የሚመዘነው በዚያ በተባዛው ወረቀት ላይ ነው።

ስለ ፓይ ቻርቱ

ፓይ ቻርትን ሁሉም ማወቁ እውነት ነው። ችግሩ ክቡ ላይ ዓይን እንዲያነጻጽር የሚጠየቀው ማዕዘን መሆኑ ነው። ጭልጋ ከ110 ሚሊዮኑ 14.3 ይዟል፤ ይህ 47 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ዳባት 13.5 ይዟል፤ 44 ዲግሪ ገደማ። አንዱ ቁራጭ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ጎን ዞሮ ሳለ የሦስት ዲግሪ ልዩነትን በዓይን መለየት ዘበት ነው። ያንኑ ቁጥር 25 ሚሊዮን ብር 10 ሳንቲ ሜትር በሚሆንበት ባር ቻርት ብንሥለው የጭልጋ ባር 5.7፣ የዳባት 5.4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለቱም ከአንድ መስመር ስለሚነሱ ጫፋቸው ላይ ያለው የሦስት ሚሊ ሜትር ብልጫ ወዲያው ይታያል። ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል የተባሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ሥራ ይህንኑ በሙከራ አሳይተዋል፤ ሰው በአንድ የጋራ መስመር ላይ የተቀመጡ ነጥቦችን ሲያነጻጽር የሚሳሳተው ማዕዘን ሲያነጻጽር ከሚሳሳተው ያነሰ ነው።

3ዲው ነገሩን ያባብሰዋል። ክቡ ሲጋደም ከፊት ያሉት ቁራጮች ይሰፋሉ፣ ከኋላ ያሉት ይጠባሉ፤ የፊተኞቹ ላይ ደግሞ የክቡ ውፍረት ስለሚታይ ተጨማሪ ቀለም ያገኛሉ። የምዕራብ በለሳ 6.5 ከፊት፣ የላይ አርማጭሆ 9.2 ከኋላ ቢወድቁ ሁለቱ እኩል መስለው ሊታዩ ይችላሉ። እኩል ያስመሰላቸው የቁራጮቹ ተራ እንጂ ቁጠባው አይደለም።

ፓይ ቻርት ሥፍራ የለውም ማለታችን አይደለም። ክፍሎቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ፣ ድምራቸው በእርግጥ አንድ ሙሉ ነገር ከሆነና ልዩነታቸው ሰፊ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከአባላቱ ሦስት አራተኛው ሴቶች ናቸው ለማለት፣ ክቡ ያንን በአንድ እይታ ይናገራል። ሰባት ወረዳ ግን ሰባት ቀለም ይፈልጋል፤ ሰባቱ ቀለም ደግሞ የቀለም መግለጫ ይፈልጋል፤ የዚያን መዘዝ ወደ ታች እናየዋለን።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ሌላ ነው። ጉባኤተኛው «የእያንዳንዱ ወረዳ ድርሻ ስንት ነው» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ማን ዕቅዱን አሳካ፣ ማን ጎደለው፣ በስንት» ነው። ፓይ ቻርት ዕቅድን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ለዚህ መረጃ የሚሆነው አግድም ባር ነው፤ ዕቅዱ ከኋላ ሰፋ ብሎ በቀላል ግራጫ፣ ክንውኑ ከፊት ጠበብ ብሎ ጠቆር ባለ ቀለም። አግድም እንዲሆን ያስፈለገው ስሞቹ ረጃጅም ስለሆኑ ነው። «ምስራቅ ደምቢያ»ና «ላይ አርማጭሆ» ከቆመ ዓምድ ሥር አይበቁም፤ ኤክሴል ያጋድላቸዋል ወይም ያቆማቸዋል፣ አንባቢውም አንገቱን ያጣምማል።

አሠራሩ ይኸውና። ሰንጠረዡን ከድምሩ ረድፍ በስተቀር በክንውን መጠን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩት። ኤክሴል አግድም ባር ሲሠራ የመጀመሪያውን ረድፍ ከታች ስለሚያስቀምጥ፣ ወደ ላይ እየበዛ እንዲሄድ የምንፈልግ ከሆነ ትንሹ መቅደም አለበት። የድምሩን ረድፍ ትታችሁ ሦስቱን ዓምዶች መርጣችሁ `Clustered Bar` አስገቡ። ከዚያ የክንውን ባሮቹን በቀኝ ተጭናችሁ `Format Data Series` ውስጥ `Secondary Axis` ምረጡ፤ ክንውኑ ከዕቅዱ ላይ ይደረባል። ለዕቅዱ `Gap Width` 40%፣ ለክንውኑ 150% ስጡ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ባሩ ይቀጥናል።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ። አሁን ቻርቱ ሁለት የቁጥር ዘንግ አለው፤ ኤክሴል ለእያንዳንዱ የራሱን ልክ ስለሚመርጥ ዕቅዱ እስከ 30፣ ክንውኑ እስከ 25 በሆነ ዘንግ ሊለካ ይችላል። ያኔ 22.1 ሚሊዮኑ የምስራቅ ደምቢያ ባር 25 ሚሊዮኑን ዕቅድ አልፎ ይታያል፤ ያልተሳካው የተሳካ ይመስላል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ሁለተኛውን የቁጥር ዘንግ ጠቅ አድርጋችሁ `Delete` ተጫኑ። ባሮቹ እንደተደራረቡ ይቀራሉ፤ ሁለቱም በአንደኛው ዘንግ ይለካሉ። ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው ወገራ ነው፤ 19.8ቱ ከ20.0ው ጫፍ በጣት የማይሞላ ክፍተት ብቻ ከቀረው ልኩ አንድ ሆኗል።

ስለ ዘንጉ መነሻ

የዩኒየኑ ጠቅላላ ቁጠባ በ2014 97፣ በ2015 101፣ በ2016 110 ሚሊዮን ብር ነበር እንበል። ዘንጉ ከ90 ቢጀምር የዓምዶቹ ቁመት 7፣ 11 እና 20 ይሆናል፤ ቁጠባው በሁለት ዓመት ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እውነቱ ግን 13 ከመቶ ዕድገት ነው። ባር የሚነበበው በርዝመቱ ነው፤ እግሩ ከተቆረጠ የቀረው ርዝመት ምንም አይለካም።

ጸሐፊው ይህን እንደ ምክር መስጠታቸው ይገርማል፤ ምክንያቱም ኤክሴል ማንም ሳያዘው ራሱ የሚፈጥረው ስህተት ነው። በትልቁና በትንሹ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ከትልቁ ቁጥር አንድ ስድስተኛ ሲያንስ ኤክሴል ዘንጉን ከዜሮ አያስነሳም። በእኛ ምሳሌ ልዩነቱ 13 ነው፤ የ110 አንድ ስድስተኛ ከ18 ይበልጣል፤ ስለዚህ ዓምዱ ተቆርጦ ይመጣል። ዘንጉን በቀኝ ተጭኖ በ`Format Axis` ውስጥ `Bounds` ሥር `Minimum` ላይ 0 መጻፍ ይበቃል። 0ው አስቀድሞ የተጻፈ ቢመስልም እንደገና መጻፉ ጥሩ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩ ሲቀየር እንዳይንሸራተት ያደርገዋል።

ዕድገቱ ራሱ መልእክቱ ከሆነ ዕድገቱን መሣል ይቻላል፦ በ2015 የተጨመረው 4፣ በ2016 የተጨመረው 9 ሚሊዮን። ይህ ሁለት ቁጥር ስለሆነ በጸሐፊው በራሳቸው ስድስተኛ ነጥብ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። (የብር ዕድገት የዋጋ ንረት ያልተቀነሰበት መሆኑንም ያው ዓረፍተ ነገር ቢናገር አይከፋም።)

ከዜሮ የመነሳት ግዴታ የባር እንጂ የመስመር ግራፍ አይደለም። መስመር የሚነበበው በአካሄዱ ነው፤ የወር በወር ቁጠባን ሲያሳይ ከ6 ሚሊዮን ቢጀምር ነውር የለበትም፣ መነሻው በጉልህ እስከተጻፈ ድረስ። በወር መረጃ ላይ የእኛ ዘመን አቆጣጠር የራሱን ወጥመድ ያመጣል። ጳጉሜን እንደ አንድ ወር ከተሠራ መስመሩ እዚያ ላይ ገደል ይገባል፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ከሠላሳ ቀን ጋር ስለተወዳደረ ብቻ። ከነሐሴ ጋር ተደምሮ «ነሐሴና ጳጉሜን» ተብሎ ይጻፍ። በሩብ ዓመትም ቢሆን ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው አንደኛ ሩብ ጳጉሜን ስለሚይዝ ከሌሎቹ ይረዝማል። በ2016 በጀት ዓመት የወደቀችው የ2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች፤ ስለዚህ ሩቡ 96 ቀን፣ ሌሎቹ 90 ቀን ናቸው። ምንም የተለየ ሥራ ሳይሠራ 7 ከመቶ ገደማ ብልጫ ሊታይበት ይችላል።

ቀኑን ኤክሴል ላይ እንደ ቀን መጻፍም አይሆንም። ፕሮግራሙ የጻፍነውን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚያነበው ጥቅምት 30ን በ30/2/2016 ብንጽፍ የካቲት ወራቸው 30 ቀን ስለሌለው ጽሑፍ ያደርገዋል፤ ጥቅምት 20ን ግን ቀኑ ከወሩ በሚቀድምበት ቅንብር እንደ ቀን ይቀበለዋል። ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ የሆነ ዓምድ ቻርት ላይ ተመሰቃቅሎ ይወጣል። የወሩን ስም በፊደል ጽፎ `Format Axis` ውስጥ `Text axis` መምረጥ ያድናል።

ስለ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ

ከጽሑፉ ሁሉ ብዙ የሚያሳስተው ይህ ነው። «የተጠጋ» የሚባለው ከ80 ከመቶ ጀምሮ ነው ብንል ወገራ 99፣ ዳባት 90፣ ምስራቅ ደምቢያ 88 ከመቶ ስላሳኩ ሦስቱም ቢጫ ይሆናሉ። ወገራ የጎደለው ግን 0.2 ሚሊዮን ብር ነው፣ ምስራቅ ደምቢያ 2.9 ሚሊዮን። አሥራ አራት እጥፍ የሚበላለጡ ጉድለቶች አንድ ዓይነት ቀለም ለብሰው ተቀመጡ። ቀለሙ ከቻርቱ የወሰደው እንጂ የጨመረለት መረጃ የለም፤ ግራጫው የዕቅድ ባር ግን ጉድለቱን በልኩ ያሳያል።

ቀጥሎ ፎቶ ኮፒው አለ። አንድ ቀለም ወደ ግራጫ ሲለወጥ ምን ያህል እንደሚጠቁር በግምት የሚነግር የታወቀ ስሌት አለ። የቀለሙን የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ከ0 እስከ 255 ባለው ልክ በሦስት ሕዋስ ጽፋችሁ፦

```
=0.299*A2+0.587*B2+0.114*C2
```

0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ነጭ ወረቀት ነው። ድፍኑ ቀይ `#FF0000` 76 ይሆናል። የተለመደው ጥቁር አረንጓዴ `#008000` ደግሞ 75። ዕቅዱን ያሳካውና ከዕቅዱ የራቀው ወረዳ ወረቀቱ ላይ በአንድ ዓይነት ግራጫ ይወጣሉ ማለት ነው። ቢጫው `#FFFF00` 226 ስለሆነ ከወረቀቱ ነጭነት ብዙም አይለይም፤ ባሩ የጠፋ ይመስላል። ማሽን ከማሽን ይለያያል፤ አንዳንዱ ቀዩን የበለጠ ያጠቁራል። ሆኖም ትርጉሙን በማሽኑ ዕድል ላይ መጣል አይገባም።

ቀይና አረንጓዴን አጥርተው የማይለዩ ሰዎች መኖራቸውም በዚሁ ላይ ይደመራል። በዘር የሚተላለፍ ነው፤ መነሻው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ በወንዶች ይበዛል። ለእነሱ የሚሆኑ የቀለም ስብስቦች ተዘጋጅተዋል፤ ከታወቁት አንዱ ኦካቤና ኢቶ የተባሉ ጃፓናውያን ያዘጋጁት ስምንት ቀለም ያለው ነው። ጥሩ ስብስብ ነው፤ ግን ለእኛ ጉዳይ እሱም በጅምላ አይወሰድም። ብርቱካናማ ቀዩ `#D55E00` 119፣ ሰማያዊ አረንጓዴው `#009E73` 106 ነው። በቀለም ሲታዩ ማንም ይለያቸዋል፤ በጥቁርና ነጭ ሲባዙ ይደባለቃሉ። ከዚያው ስብስብ ውስጥ ጥቁር ሰማያዊው `#0072B2` 87፣ ብርቱካናማው `#E69F00` 162 ስለሆኑ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። እኛ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ቀለሞች ቢያንስ 60 ያህል እንዲራራቁ እንመክራለን። በዚህ ልክ ከነጭ ወረቀቱ ጭምር የሚለዩ ከሦስት ወይም ከአራት በላይ ቀለሞች አይገኙም፤ ለሰባት ወረዳ ሰባት ቀለም መስጠት ከጅምሩ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

የእኛን ቻርት ስንቀባ ታዲያ ይህን እናደርጋለን። ዕቅዱ ሁሉ ቀላል ግራጫ `#D0D0D0`፣ 208 ነው። ክንውኑ ለአምስቱ ወረዳዎች መካከለኛ ግራጫ `#8C8C8C`፣ 140። ጉባኤው እንዲወያይባቸው ለምንፈልጋቸው ለምስራቅ ደምቢያና ለምዕራብ በለሳ ብቻ ጥቁር ሰማያዊ `#005080`፣ እሱም 62 ገደማ ይመጣል። ከ208 ወደ 140፣ ከ140 ወደ 62 ያለው ርቀት ለተባዛ ወረቀት ይበቃል። አንድ ባር ብቻ ለመቀባት ባሩን ሁለት ጊዜ በየተራ ጠቅ አድርጉ፤ የመጀመሪያው ጠቅታ ሁሉንም ባሮች፣ ሁለተኛው ያንን አንዱን ይመርጣል። ከዚያ በ`Fill` ውስጥ `More Colors` ከፍታችሁ ኮዱን ጻፉ።

በቀለም ፈንታ ሰያፍ መስመርና ነጠብጣብ የሚጠቀሙ አሉ። ሰያፍ መስመሮቹ ፎቶ ኮፒ ሲደረጉ፣ በተለይ የተባዛው እንደገና ሲባዛ፣ ተጣብቀው ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። ንጹሕ ግራጫ ይሻላል።

ቀዩ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ቀይ ቀለም በጉባኤ ፊት ከምክንያቱ በፊት ፍርድ ይሰጣል። የምዕራብ በለሳ 3.5 ሚሊዮን ጉድለት ከዝናብ እጥረት ይሁን ከተጋነነ ዕቅድ ቻርቱ አያውቅም፤ ሰማያዊው «እዚህ ተመልከቱ» ይላል፣ የቀረውን ጽሑፉ ያስረዳ።

ስለ ቁጥሩና ስለ መግለጫው

24,613,482.75 ብር ብሎ ባር ላይ መጻፍ ታማኝነትን አይጨምርም። ባሩ ራሱ በወረቀት ላይ ከመቶ ሺህ ብር በታች ያለውን ልዩነት ማሳየት አይችልም፤ ሳንቲሙ የቆመው ቦታ ለመያዝ ነው። ታማኝነት የሚጠበቀው የተሟላው ሰንጠረዥ በአባሪ ገጽ ሲቀመጥና ቻርቱ የዚያን ሰንጠረዥ ቁጥር ሲጠቅስ ነው፤ ኦዲተሩም የሚያየው እዚያ ነው። ቻርቱ ላይ 24.6 ይበቃል፣ «በሚሊዮን ብር» የሚለው ከርዕሱ ሥር አንድ ጊዜ ይጻፋል። ቁጥሮቹን በእጅ ማሳጠር አያስፈልግም፤ መነሻው መረጃ በሙሉ ብር እንደተጻፈ ሆኖ በ`Format Data Labels` ውስጥ `Number` ሥር ይህን የቁጥር ቅርጽ መስጠት ነው፦

```
0.0,,
```

ሁለቱ ኮማዎች ቁጥሩን በሚሊዮን አካፍለው ያሳዩታል። ቁጥሩ ባሩ ጫፍ ላይ ከተጻፈ በኋላ የቁጥር ዘንጉና ቋሚ መስመሮቹ ሥራ ፈት ናቸው፤ ይሰረዙ። ዘንጉ የሚሰረዘው ግን `Minimum` 0 ከተደረገ በኋላ ነው፤ አለዚያ የተቆረጠ ባር ከነማስረጃው ይደበቃል።

ከመቶኛ ጋር የሚመጣ ትንሽ ግን ጥያቄ የሚያስነሳ ጉዳይም አለ። የሰባቱን ወረዳዎች ድርሻ በሙሉ ቁጥር ብናጠጋጋ 22፣ 20፣ 18፣ 13፣ 12፣ 8 እና 6 ይሆናሉ፤ ድምሩ 99። ጉባኤው ውስጥ የሚደምር ሰው አይጠፋም። ከቻርቱ ሥር «በማጠጋጋት ምክንያት ድምሩ ከ100 ሊለይ ይችላል» የሚል አንድ መስመር ይቅደመው።

የቀለም መግለጫው በስተቀኝ ሲቀመጥ ዓይን ከባሩ ወደ መግለጫው፣ ከመግለጫው ወደ ባሩ ይመላለሳል፤ በጥቁርና ነጭ ደግሞ የሚመላለሰው በሁለት ተመሳሳይ ግራጫዎች መካከል ነው። በአግድም ባር የወረዳው ስም ከባሩ ግራ ስላለ ለወረዳ መግለጫ አያስፈልግም። «ዕቅድ» እና «ክንውን» የሚሉት ሁለት ቃላት ከላይኛው ባር፣ ከጎንደር ዙሪያው አጠገብ፣ አንድ ጊዜ ይጻፉ። በመስመር ግራፍም የመስመሩ ስም ከመጨረሻው ነጥብ ቀጥሎ ይቀመጥ፦ የመጨረሻውን ነጥብ ብቻ መርጦ `Add Data Label`፣ ከዚያ `Series Name` ላይ ምልክት ማድረግ ነው።

ፊደሉ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በግዕዝ ፊደል ቀ ከቁ፣ ጸ ከጹ የሚለየው በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው፤ ፊደሉ ሲያንስና ወረቀቱ ሲባዛ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ቅጥያ ነው። ወረቀት ላይ ከ9 ነጥብ ያነሰ የቻርት ጽሑፍ አትፍቀዱ። «እኛ 12 ነው ያደረግነው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ ቻርቱ ኤክሴል ላይ 32 ሳንቲ ሜትር ሰፍቶ ተሠርቶ ወርድ ላይ ወደ 16 ሲጠብ 12ቱ 6 ይሆናል። ኤ4 ወረቀት ከግራና ከቀኝ 2.5 ሳንቲ ሜትር ሲተው የሚቀረው 16 ስለሆነ ቻርቱን ከመጀመሪያው በ`Size` ውስጥ 16 ሳንቲ ሜትር አድርጎ መጀመር ነው። ፎንቱ ደግሞ እንደ `Noto Sans Ethiopic` ወይም `Abyssinica SIL` ያለ የዩኒኮድ ፎንት ይሁን። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ቻርት ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይወጣል። ወደ ማተሚያ ቤት የሚላከው ፋይል ፎንቱን በውስጡ የያዘ ፒዲኤፍ ይሁን እንጂ ወርድ አይሁን።

ስለ ርዕሱ

«የወረዳዎች ዕቅድና ክንውን» የሚለው ገለልተኛ ርዕስ አንባቢው በዓይኑ የሚያየውን ይደግማል። አንባቢው ትርጉሙን ያውጣ ማለት ደግ ይመስላል፤ ግን ጉድለቶቹን ለመደመር ጉባኤተኛው እርሳስና ጊዜ ያስፈልገዋል። አራት ወረዳዎች በድምሩ 8.1 ሚሊዮን ብር ጎድሎባቸዋል፣ ሦስቱ 3.1 ሚሊዮን አስበልጠዋል፤ ጠቅላላው ጉድለት 5 ሚሊዮን ነው። ከ8.1ዱ ውስጥ የምስራቅ ደምቢያው 2.9ና የምዕራብ በለሳው 3.5 ብቻቸውን 6.4 ይሆናሉ። ስለዚህ ርዕሱ «ከጎደለው 8.1 ሚሊዮን ብር 6.4ቱ የሁለት ወረዳዎች ነው» ይሁን። ሰማያዊ የተቀቡት ሁለት ባሮችም ለምን እንደተቀቡ ርዕሱ ይናገራል። አድልዎ ነው የሚል ካለ ቁጥሮቹ ሁሉ እዚያው ባሮቹ ጫፍ ላይ ስለሆኑ መልሶ መደመር ይችላል።

ገለልተኛው ስም ቦታ የለውም ማለት አይደለም፤ ከዋናው ርዕስ ሥር አነስ ባለ ፊደል ይቀመጥ፦ «የቁጠባ ዕቅድና ክንውን በወረዳ፣ በሚሊዮን ብር፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.»። ሪፖርቱ ለለጋሽ ድርጅትም የሚላክ ከሆነ ከጎኑ «2023/24 እ.ኤ.አ.» ይጨመርበት፤ «2016» ብቻውን ሲቆም የውጭ አንባቢ የስምንት ዓመት አሮጌ ሪፖርት የተላከለት ይመስለዋል።